አንድ ንግግር፣ ብዙ ቃል

የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲዲስ፣ የተናጋሪዎችን ቃል እንዳለ ማስታወስ አስቸጋሪ ስለነበር ወደ ዋናው ሐሳብ ተጠግቶ ለሁኔታው የሚስማማውን እንዳናገራቸው ራሱ ጽፏል። የአቴናውን መሪ የፔሪክልስን ንግግር የምናውቀው በእሱ ብዕር በኩል ነው። ጋዜጣ ከመጣ በኋላም ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ከባርነት ነፃ የወጣችው ሶጆርነር ትሩዝ በ1851 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ስለ ሴቶች መብት ተናገረች። በስብሰባው የነበረው ጋዜጠኛ ማሪየስ ሮቢንሰን ንግግሩን በሳምንታት ውስጥ አሳተመው። «እኔስ ሴት አይደለሁምን?» የሚለው ዝነኛ ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ጥያቄው እየተደጋገመ የሚገኘው ስብሰባውን የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ባወጣችው ቅጂ ነው። ሁለቱም የዓይን ምስክሮች ናቸውና የቅጂው ዕድሜ ብቻውን አይፈርድም፤ ቅጂው ራሱ መመርመር አለበት። ጌጅ ትሩዝን በደቡብ ባሮች አነጋገር ታናግራታለች፤ ትሩዝ ግን ኒውዮርክ ተወልዳ በደች ቋንቋ አፏን የፈታች ናት። ጌጅ 13 ልጆች ትሰጣታለች፤ የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ግን አምስት ያህል ይላሉ። ስለዚህ የሮቢንሰን ቅጂ ይበልጥ ይታመናል። እሱም ቢሆን የሰሚ ዘገባ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ከአፏ እንደወጣ የተያዘበት አይደለም።

ተናጋሪው ራሱ ሲጽፍስ? አብርሃም ሊንከን በኅዳር 1863 በጌቲስበርግ ያደረገው አጭር ንግግር በእጁ የተጻፉ አምስት ቅጂዎች አሉት። የአምላክን ስም የሚጠራው ሐረግ በሁለቱ ቀዳሚ ቅጂዎች አይገኝም፤ በቦታው የነበሩ ጋዜጠኞች ግን ዘግበውታል። እዚህ ላይ ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል። በዕለቱ የተሰማውን ለሚፈልግ የጋዜጠኞቹ ዘገባ ይቀድማል። ሊንከን ራሱ ያጸደቀውን ለሚፈልግ ደግሞ ፊርማው ያረፈበት የመጨረሻው ቅጂ ይሻላል፤ በዋሽንግተን መታሰቢያው ግድግዳ ላይ የተቀረጸውም እሱ ነው።

ትርጉምና ዜማ ሲጨመሩ ርቀቱ ይሰፋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1963 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት የተናገሩት በአማርኛ ነበር፤ ዓለም ያወቀው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው። ቦብ ማርሊ በ1976 ትርጉሙን ለዘፈን እንዲስማማ አድርጎ ተጠቀመበት። የዘፈኑን ግጥም የንጉሡ ቃል ብሎ መጥቀስ ሁለት እርምጃ መራቅ ነው፤ አማርኛ አንባቢ መነሻ ማድረግ ያለበት የአማርኛውን ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ጠቃሹ መጀመሪያ የሚፈልገው የተነገረውን ይሁን የጸደቀውን ይወስን፤ ከዚያ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደመዘገበው ይይ፤ በመጨረሻም ቃሉን ስለ ተናጋሪው ከሚታወቀው ጋር ያመሳክር። የትሩዝን ጥያቄ መጥቀስ የሚሻም «ጌጅ በ1863 እንደጻፈችው» ብሎ ይጥቀስ፤ ያኔ አንባቢ የማንን ቃል እንደሚያነብ ያውቃል።