የግማሽ ዕድሜ፣ የአማካይ ዕድሜና የመፍረስ ቋሚ ልዩነትና ስሌት

አዮዲን-131 ለእንቅርት ዕጢ ሕክምና የሚውል ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚቀንስበት ሁኔታ በሦስት መለኪያዎች ይገለጻል። ሦስቱም አንድን ሂደት ስለሚገልጹ አንዱ ከታወቀ ሌሎቹን ማስላት ይቻላል፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ግን የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

የመለኪያዎቹ ትርጉም

ግማሽ ዕድሜ (T) ከነበሩት አቶሞች ግማሾቹ እስኪፈርሱ የሚወስደው ጊዜ ነው። ለአዮዲን-131 ይህ ጊዜ 8.02 ቀን ነው።

የመፍረስ ቋሚ (λ) አንድ አቶም በአጭር ጊዜ ውስጥ የመፍረስ ዕድሉ ለዚያው ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። በመሆኑም የሚገለጸው «በቀን» ወይም «በሰከንድ» ነው።

አማካይ ዕድሜ (τ) የአቶሞቹ ዕድሜ ሁሉ ተደምሮ ለቁጥራቸው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ረጅም ጊዜ ቆይተው የሚፈርሱት አቶሞች አማካዩን ከፍ ስለሚያደርጉት ምንጊዜም ከግማሽ ዕድሜ ይበልጣል። አማካይ ዕድሜው ሲሞላ ከመጀመሪያው መጠን 37 በመቶ ያህል ይቀራል።

የመቀየሪያ ቀመሮች

```
λ = 0.693 ÷ T
τ = 1 ÷ λ = 1.443 × T
```

0.693 የ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው። በዚሁ መሠረት የአዮዲን-131 የመፍረስ ቋሚ በቀን 0.0864፣ አማካይ ዕድሜው ደግሞ 11.57 ቀን ይሆናል።

ምሳሌ

በአንድ የታሸገ ዕቃ ውስጥ 400 ሜጋቤኬሬል አዮዲን-131 ቢኖር ከ24 ቀን በኋላ ስንት ይቀራል? ቀመሩ የሚከተለው ነው፦

```
A = A₀ × e^(−λt)
400 × e^(−0.0864 × 24) ≈ 50
```

መልሱ 50 ሜጋቤኬሬል ያህል ነው። 24 ቀን ሦስት ግማሽ ዕድሜ ያህል ስለሆነ 400 ወደ 200፣ ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 50 መውረዱ ስሌቱን ያረጋግጣል።

ተማሪዎች የሚያዘወትሯቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው λን 1 ÷ T አድርጎ መውሰድ ነው። በዚህ ስህተት ከላይ ያለው መልስ 20 ሜጋቤኬሬል ይሆናል። የቀረው ጨረራ ከእውነተኛው ከግማሽ በላይ ያነሰ መስሎ ስለሚታይ ዕቃው ከጊዜው በፊት እንዲነካ ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛው አማካይ ዕድሜን እንደ ግማሽ ዕድሜ ቆጥሮ በ11.57 ቀን መጠኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ይህ 95 ሜጋቤኬሬል ያህል ይሰጣል፤ ከእውነተኛው መጠንም እጥፍ ገደማ ነው።

ሦስተኛው በሁለት ግማሽ ዕድሜ ሁሉም ይጠፋል ብሎ ማሰብ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ዕድሜ የሚቀንሰው ከቀሪው ላይ በመሆኑ ሩቡ ይቀራል።

ስህተትን ለመለየት ጊዜውን ለግማሽ ዕድሜ አካፍሎ መጠኑን በዚያው ልክ ደጋግሞ በግማሽ መቀነስ ይበቃል።

ይህ ስሌት በዕቃ ውስጥ ላለ ንጥረ ነገር ብቻ ያገለግላል። በታካሚ ሰውነት ውስጥ ያለው አዮዲን በሽንትም ስለሚወገድ የሚቀንሰው ከዚህ በፈጠነ ሁኔታ ነው።