ብልጭታዋና ቡጢው

ግሬት ታይገር የሚባለው ቦክሰኛ ሊመታ ሲል ጥምጣሙ ላይ ያለችው ዕንቁ ብልጭ ትላለች። ፒስተን ሆንዳ ቅንድቡን ያንቀሳቅሳል። ኪንግ ሂፖ እጁን ሲያነሣ አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ አፉ ላይ ያሳረፈበት ተጫዋች ሱሪው ሲወርድ ያያል፣ ሆዱንም እስኪበቃው ይደበድባል። ሦስቱም ኒንቴንዶ በ1987 ለቤት መጫወቻው ያወጣው የ«ማይክ ታይሰንስ ፓንች አውት» ባላጋራዎች ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ቦስ ውጊያ አሠራር የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምልከው ወደዚህ ጌም ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው አብዛኛው ነገር እዚያች ብልጭታና ከኋላዋ በሚመጣው ቡጢ መካከል ያለችውን ቅጽበት ማስረዘም፣ ማሳጠር ወይም ማጣመም ነውና።

ቦስ በአንድ ደረጃ መጨረሻ መንገድ ዘግቶ የሚጠብቀው ኃያል ባላጋራ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1970ዎቹ አጋማሽ ፕላቶ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተጻፈው «ዲኤንዲ» ውስጥ ያለው ወርቃማ ዘንዶ ነው። ያ ዘንዶ ግን የሚታይ እንቅስቃሴ አልነበረውም፤ ውጤቱን የሚወስነው ሒሳብ ነበር። በዓይን የሚነበብ ቦስ የመጣው ሳንቲም እየበሉ ከሚያጫውቱት ማሽኖች ጋር ነው። በ1980 የወጣው «ፊኒክስ» መጨረሻ ላይ አንድ ግዙፍ መርከብ ያመጣል፤ ተጫዋቹ መከለያውን በጥይት እየሸረሸረ መሐል የተቀመጠውን ፍጡር መድረስ አለበት። የት እንደሚመታ ግልጽ ነው። መቼ እንደሚመታ ግን ገና ማንም በደንብ አላሰበበትም፤ የማሽኑ ባለቤት የሚያተርፈው ተጫዋቹ ቶሎ ሲሞትና ሌላ ሳንቲም ሲያወጣ ስለነበር ችኮላም አልነበረም።

ጌሙ ወደ ቤት ሲገባ ይህ ስሌት ተለወጠ። ካሴቱን አንዴ የገዛ ልጅ በተሸነፈ ቁጥር የሚከፍለው ጊዜውን ነው፤ ጊዜው ባከነ ካለ ደግሞ ካሴቱን ይጥለዋል። ካፕኮም በ1987 ባወጣው «ሜጋ ማን» ውስጥ ያለው የሎው ዴቪል የዚህ ሽግግር ምስክር ነው። ይህ ቢጫ ግዙፍ ፍጡር ሰውነቱን ቆራርሶ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ከማያው ጫፍ ወደ ጫፍ ይወረውራል፤ ከዚያ እንደገና ይገጣጠምና ዓይኑን ይከፍታል። የሚጎዳው ዓይኑ ሲመታ ብቻ ነው። የቁራጮቹ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ መማር ይቻላል፤ ችግሩ የሚማሩት በመሞት ብቻ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያየው ሰው የትኛው ቁራጭ በየትኛው ከፍታ እንደሚመጣ የሚያውቅበት በቂ ፍንጭ የለውም። እኔ ይህን በቃል መያዝ እለዋለሁ፤ ማንበብ ሌላ ነው። በቃል የሚያዝ ቦስ የመጀመሪያውን ሙከራ ሆን ብሎ ያባክናል፤ የሚነበበው ግን ንቁ የሆነን ሰው በመጀመሪያው ሙከራም ሊያሳልፈው ይችላል።

«ፓንች አውት» ወደ ንባቡ የመጣው በከፊል በአቅም ማነስ ነው። የ1984ቱ የማሽን ቅጂ የተጫዋቹን ቦክሰኛ በአረንጓዴ መስመር ብቻ የተሣለ አድርጎ ስለሚያሳይ ባላጋራው በውስጡ ይታያል። የቤቱ መጫወቻ ያን ማድረግ ስላልቻለ ሠሪዎቹ ጀግናውን ትንሽ ሰው አደረጉት፤ ሊትል ማክም ባላጋራዎቹን ከሥር ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ ሆነ። በዚህ ምክንያት የባላጋራው ፊት፣ ትከሻና እጅ የማያውን መሐል ያዘ። ተጫዋቹ የሚያነበው ገጽ ይኸው ሆነ ማለት ነው። ቦልድ ቡል ወደ ኋላ ሄዶ እየዘለለ ሲንደረደር የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በትክክለኛዋ ቅጽበት ሆዱን መምታት። ቀድሞ የቸኮለም የዘገየም ይወድቃል። የመታው ግን ያን ኮርማ በአንድ ቡጢ ይዘርረዋል። ታይሰን ደግሞ በመጀመሪያው ዙር 90 ሰከንድ ያህል የሚሰነዝራት እያንዳንዷ አፐርከት ብታርፍ ተጫዋቹን መሬት ላይ ትጥለዋለች። በጣም ከባድ ነው፤ ግን ክንዱ ሲዘጋጅ ይታያል፣ መሸሻውም አለ። ከባድና ፍትሐዊ ጎን ለጎን መቆም እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ቅጽበቷ ስንት ትርዘም? እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልጋል። ሰው አንድን ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ ጌም ላይ ይህ 15 ፍሬም ነው። ይህ ግን ተጫዋቹ የሚጠብቀው አንድ ምልክት፣ የሚሰጠውም አንድ ምላሽ ሲሆን ነው። ቦሱ ሦስት ዓይነት ጥቃት ካለው ተጫዋቹ የትኛው እንደሆነ መለየትና መምረጥ አለበት፤ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቴሌቪዥኑም የራሱን መዘግየት ይጨምራል።

አንድ ጎሽ መሰል ቦስ እንሥራ እንበል። ሦስት ጥቃት አለው፦ በቀንዱ መንደርደር፣ በኮቴው መሬት መምታት፣ በጅራቱ መጥረግ። ለመንደርደሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ 45 ፍሬም ማስጠንቀቂያ እሰጠዋለሁ። አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አቧራ ይጭራል፣ ያኮርፋል። ድምፁ ትልቅ ሥራ አለው፤ ቦሱ ከካሜራው ውጭ ሲሆን ምልክቱን የሚያደርሰው እሱ ብቻ ነው። በ2017 በወጣው «ሆሎው ናይት» ሆርኔት ከጥቃቷ በፊት የምታሰማው ጩኸት ይህን ሥራ ይሠራል። ጎሹ መሬት ሲመታ ግን አንገቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ በጅራቱ ሲጠርግ ወገቡ ይዞራል። ሦስቱ አቋሞች ጥላቸው ብቻ ቢታይ እንኳ መለየት አለባቸው፤ ይህን የማረጋግጠው ቦሱን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀብቼ በማየት ነው። ከተንደረደረ በኋላ ግድግዳ መትቶ ለአንድ ሰከንድ ይደነዝዛል። ያች ሰከንድ የተጫዋቹ ተራ ናት፤ ሁለት ጊዜ መትቶ ለመሸሽ ትበቃለች፣ ሦስተኛውን የተመኘ ይቀጣል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ማስጠንቀቂያውን ወደ 32 ፍሬም አወርደዋለሁ፤ አቋሙን ግን አልነካም። ተጫዋቹ የተማረው ፊደል ነው፤ አሁን በፍጥነት እንዲያነበው እየጠየቅሁት ነው። አንገት ዝቅ ማለት በድንገት የጅራት ምልክት ቢሆን ትምህርቱን በሙሉ ሐሰት አደረግሁበት። አዲስ ነገር ካስፈለገ አዲስ አቋም ይዞ ይምጣ።

ሰው አስቀምጬ ሳጫውት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ምን መታህ? «አላውቅም» ካለኝ ምልክቱ አልታየም ማለት ነው፤ አቋሙን ወይም ካሜራውን አስተካክላለሁ። «አየሁት፣ ግን አልደረስኩም» ካለ ጊዜው አጥሯል፤ ፍሬም እጨምራለሁ። «ሰስቼ አንድ ልጨምር ስል ነው» ካለ ግን ምንም አልነካም። ያ ሞት የራሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳልጋብዘው ተመልሶ ይቀመጣል።

የምዕራፎችን ነገር ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው በ2017 የወጣው «ካፕሄድ» ይመስለኛል። ከመጀመሪያዎቹ ቦሶች አንዱ የአትክልት ቡድን ነው። ድንቹ በቀጥታ የአፈር እንክብል ይተፋል፤ ስለዚህ መዝለልን ይጠይቃል። ሽንኩርቱ ሲያለቅስ እንባው ከላይ ይዘንባል፤ ቀና ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ካሮቱ የሚያሳድዱ ትንንሽ ካሮቶችን ይልካል፤ እየሸሹ መተኮስን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ምዕራፍ አዲስ ጥያቄ ነው፤ ያው ጥያቄ ጉልበት ተጨምሮበት አልተደገመም። ተጫዋቹ ሲሞት ደግሞ ጌሙ በአንድ መስመር ላይ የት እንደደረሰ ያሳየዋል፤ ምን ያህል እንደቀረውና ምዕራፎቹ የት የት እንደሚከፈሉ ያያል። ያች መስመር ስንት ሰው ወንበሩ ላይ እንዳቆየች አስባለሁ። ውጊያዎቹም አጫጭር ናቸው፤ በደህና ከሄደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው።

ርዝመቱ የሚወስነው ነገር ቀላል ሒሳብ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ አራት ደቂቃ ፈጅቶ ሁለተኛው በ10 ሰከንድ የሚገድል ከሆነ፣ ተጫዋቹ አዲሱን ነገር ለአንድ ደቂቃ ለማየት የሚያውቀውን ነገር 24 ደቂቃ ይደግማል። ተጫዋቾች «ኢፍትሐዊ ነው» ብለው የሚያማርሩበት ቦስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው የረዘመው። በ2011ዱ «ዳርክ ሶልስ» ውስጥ ኦርንስታይንና ስማው አብረው ይዋጋሉ፤ አንዱ ሲሞት የቀረው የሟቹን ኃይል ወስዶ በሙሉ ሕይወት ይነሣል። ማን ይቅር የሚለውን የሚመርጠው ግን ተጫዋቹ ነው። የሁለተኛውን ምዕራፍ ባላጋራ ራሱ ስለመረጠው ቅሬታውም ይለዝባል።

የዚሁ ኩባንያ፣ የፍሮምሶፍትዌር፣ የኋላ ሥራዎች ቅጽበቷን ማጣመም ጀመሩ። በ2019ኙ «ሴኪሮ» መከላከል የማይቻል ጥቃት ሲመጣ «አደጋ» የሚል ቀይ የጃፓን ፊደል ከድምፅ ጋር ብልጭ ይላል። ፊደሉ ግን ለሚወጋውም፣ እግር ሥር ለሚጠርገውም፣ ለሚጨብጠውም ያው ነው። ለመጀመሪያው ወደ ጦሩ መግባት፣ ለሁለተኛው መዝለል፣ ለሦስተኛው መሸሽ ያስፈልጋል። ብልጭታው «ተጠንቀቅ» ይላል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው የባላጋራው አካል ነው። ድንቅ ክፍፍል ነው።

በ2022ቱ «ኤልደን ሪንግ» የመጀመሪያው ትልቅ ቦስ ማርጊት ደግሞ በትሩን ያነሣና ያቆየዋል። ምልክቱን እንዳየ የሚንከባለል ተጫዋች ተንከባሎ ሲነሣ በትሩ ያገኘዋል፤ ከጥቃት የሚጠብቀው የመንከባለሉ ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላምና። ብዙዎች ማታለል ነው ይላሉ። እኔ አይደለም ባይ ነኝ፦ በትሩ ሲወርድ ይታያል፣ የሚነበበውም መውረዱ ነው። የዚያው ጌም ሌላ ቦስ የማሌኒያ ነገር ግን ይከብደኛል። ወደ አየር ተነሥታ የምታዘንበው የሰይፍ ውርጅብኝ ምልክቱ ከማንም በላይ ግልጽ ነው፤ ሆኖም አጠገቧ ለተገኘ ሰው የመጀመሪያውን ዙር የሚያመልጥበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው፣ ያሳረፈችው ምት ሁሉ ደግሞ የራሷን ሕይወት ይሞላል። አይቶ ምንም ማድረግ ያልቻለ ሰው ከማያይ ሰው ብዙ አይሻልም።

በ2024 የመጣው የጌሙ ተቀጥላ የመጨረሻ ቦስ፣ ራዳን፣ በሁለተኛው ምዕራፉ ምቶቹን በብርሃን ጎርፍ አጀባቸው፤ ክንዱ ሲዘጋጅ ማየት ከበደ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የወጣው ማሻሻያ የአንዳንድ ጥቃቶቹን ጉዳት ቀነሰ፣ የውጊያውን መክፈቻ ጥቃት ለወጠ። ከዝርዝሩ ውስጥ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን አንዱን መስመር ነው፦ የአንዳንድ ጥቃቶች ብርሃንና ጭስ ለዓይን እንዲጠራ ተደርጓል ይላል።