ኦፕሽን (የገንዘብ ገበያ ውል)

ኦፕሽን አንድን ንብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያ አክሲዮንን፣ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ እስከተወሰነ ቀን ድረስ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል ነው። ገዢው መብት አለው እንጂ ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው ያለው በውሉ ሻጭ ላይ ነው። ገዢው መብቴን እጠቀማለሁ ካለ ሻጩ ገበያው የትም ይድረስ በተቆረጠው ዋጋ ማስረከብ ወይም መረከብ አለበት። የመግዛት መብት የሚሰጠው ውል ኮል፣ የመሸጥ መብት የሚሰጠው ደግሞ ፑት ይባላል። የተቆረጠው ዋጋ ስትራይክ ሲሆን፣ ገዢው ለመብቱ ለሻጩ የሚከፍለው ገንዘብ ፕሪሚየም ነው።

ፕሪሚየም ከቀብድ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱን ማየት ግን ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ቤት የሚገዛ ሰው የሰጠው ቀብድ ከዋጋው ላይ ይታሰብለታል፤ ሐሳቡን ከለወጠ ይቀርበታል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ፕሪሚየም ግን ከዋጋው ላይ አይታሰብም፤ ገዢው መብቱን ቢጠቀምም ባይጠቀምም አይመለስለትም። ሻጩም እጥፍ ከፍሎ ከግዴታው ሊወጣ አይችልም። መውጣት ከፈለገ ተመሳሳዩን ውል በዕለቱ የገበያ ዋጋ መልሶ መግዛት ይኖርበታል፤ ያ ዋጋ ከተቀበለው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ሚሌጦሱ ፈላስፋ ስለ ታሌስ እንደጻፈው፣ ታሌስ ገና በክረምቱ አነስተኛ ገንዘብ እያስያዘ የወይራ መጭመቂያዎችን የመከራየት መብት ሰበሰበ፤ ምርቱ ሲትረፈረፍ መጭመቂያዎቹን በፈለገው ዋጋ አከራየ። ያደረገው ነገር ከዛሬው ኮል ብዙም አይለይም። ዘመናዊው ገበያ ግን የተደራጀው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1973 የቺካጎ የኦፕሽን ገበያ ሲከፈት ነው። የጀመረው በ16 ኩባንያዎች አክሲዮኖች ላይ በኮል ብቻ ሲሆን፣ ፑት የተጨመረው በ1977 ነው። ገበያው ያመጣው ትልቅ ለውጥ ውሎቹን አንድ ወጥ ማድረጉ ነው። መጠኑ፣ ስትራይኩና የማብቂያ ቀኑ ስለታወቀ ውሉን ከማያውቁት ሰው ገዝቶ ለሌላ መሸጥ ተቻለ። በመካከል የቆመው የአጣሪ ድርጅት ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ ሻጭ፣ ለእያንዳንዱ ሻጭ እንደ ገዢ ሆኖ ስለሚቆም ሌላኛው ወገን ቢከስር ውሉ አይፈርስም።

በአሜሪካ አንድ መደበኛ ውል 100 አክሲዮኖችን ይይዛል። ስለዚህ በገበያው ሰሌዳ ላይ 3 ዶላር ተብሎ የሚታየው ፕሪሚየም በእውነት 300 ዶላር ነው። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ዛሬ 50 ዶላር ነው እንበል። አንድ ገዢ ዋጋው ይጨምራል ብሎ ስትራይኩ 50 የሆነና ከ60 ቀን በኋላ የሚያበቃ ኮል በ3 ዶላር ገዛ። በማብቂያው ቀን አክሲዮኑ 60 ከደረሰ፣ በ50 የመግዛት መብቱ በአክሲዮን 10 ዶላር ያወጣል። ከ1,000 ዶላሩ ላይ የከፈለው 300 ሲቀነስ 700 ዶላር ያተርፋል። አክሲዮኑ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ገበያ ላይ በርካሽ ማግኘት እየተቻለ በ50 የሚገዛ ስለሌለ መብቱ ዋጋ ያጣል፤ ኪሳራው 300 ዶላር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። አስተማሪው ግን አክሲዮኑ 52 ላይ ቢያበቃ የሚሆነው ነው። ገዢው ዋጋው ይጨምራል ማለቱ ትክክል ነበር፤ ውሉ ግን 200 ዶላር ብቻ ስለሚያወጣ 100 ዶላር ይከስራል። ወጪውን የሚመልሰው አክሲዮኑ 53 ሲደርስ ነው፤ ይኸውም ስትራይኩና ፕሪሚየሙ ሲደመሩ።

ፑትን በዚያው አክሲዮን እንይ። 100 አክሲዮን ያለው ሰው መውደቁን ፈርቶ ስትራይኩ 50 የሆነ ፑት በ3 ዶላር ይገዛል። ዋጋው ወደ 38 ቢወርድም እሱ በ50 ይሸጣል፤ ፕሪሚየሙ ሲቀነስ 4,700 ዶላር እጁ ይገባል፣ ያለ ፑቱ ግን 3,800 ብቻ ይቀረው ነበር። ፑቱን የሸጠለት ሰው 38 የሚያወጣውን በ50 ለመረከብ ተገድዶ፣ የተቀበለው 300 ዶላር ተቀንሶለት 900 ዶላር ይከስራል። ሻጭ በጥሩ ጊዜ የሚያተርፈው ፕሪሚየሙን ብቻ ነው። አክሲዮኑ በእጁ ሳይኖር ኮል የሸጠ ሰው ደግሞ ዋጋው እስከየት እንደሚወጣ ወሰን ስለሌለው ለኪሳራውም ወሰን የለውም። ደላላው መያዣ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ፕሪሚየም ከምን እንደተሠራ ባለማወቅ ነው። አንዱ ክፍል መብቱ ዛሬ ቢፈጸም የሚያስገኘው ጥቅም ነው፤ አክሲዮኑ 52፣ ስትራይኩ 50 ከሆነ 2 ዶላር። የቀረው ለጊዜና ለመዋዠቅ የሚከፈል ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ አክሲዮኑና ስትራይኩ እኩል 50 ስለነበሩ 3 ዶላሩ በሙሉ ይህ ሁለተኛው ክፍል ነበር። እሱም ቀን በቀን ይቀልጣል፣ መጠኑ ግን እኩል አይደለም። ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ 15 ቀን ሲቀር ገና 1.50 ዶላር ያህል ይቀራል፤ ይህ የመጨረሻው ግማሽ የሚያልቀው በእነዚያ 15 ቀናት ነው። የማብቂያው ቀን የቀረበ ርካሽ ውል የሚገዛ ሰው የሚገባው ፈጥኖ በሚቀልጥበት ወቅት ነው።

መዋዠቁ ከጊዜው በላይ የሚያስደነግጥ ነው። ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን ሊያወጣ ሲል ሁሉም ትልቅ የዋጋ ለውጥ ስለሚጠብቅ ኮሉም ፑቱም ይወደዳሉ። ውጤቱ ሲታወቅ ጥርጣሬው ያልቃል፣ ፕሪሚየሙም በአንድ ሌሊት ይሟሽሻል። አክሲዮኑ ገዢው እንዳለው ትንሽ ከፍ ብሎም ኮሉ ሊረክስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሪሚየሙ በዚህ መልኩ መወደዱን ለመለየት የሚቻለው ከመግዛት በፊት የገበያውን የመዋዠቅ ግምት ካለፉት ወራት ጋር በማነጻጸር ነው፤ አብዛኞቹ የደላላ ሰሌዳዎች በመቶኛ ያሳዩታል። የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ልዩነትም መታየት አለበት፤ 2.60 ሊገዙት፣ 3.40 ሊሸጡት የቀረበ ውል በ3.40 ተገዝቶ ወዲያው ቢሸጥ 80 ዶላር ይጠፋል።

ያተረፈ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ መብቱን አይጠቀምም፤ ውሉን ይሸጠዋል። ማብቂያው ሳይደርስ መብቱን የሚጠቀም ሰው የቀረውን የጊዜ ዋጋ ይጥለዋልና። የታወቀው ለየት ያለ ሁኔታ አክሲዮኑ የትርፍ ድርሻ ሊከፍል ሲል ነው፤ ድርሻው ለኮል ባለቤት ሳይሆን ለአክሲዮኑ ባለቤት ስለሚከፈል፣ አክሲዮኑ ያለ ድርሻው መሸጥ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ኮሉን ወደ አክሲዮን መቀየር ሊያዋጣ ይችላል። ውሉ ሳይሸጥ እስከ ማብቂያው ከቆየ ደግሞ የአሜሪካው አጣሪ ድርጅት በ1 ሳንቲም እንኳ ጥቅም ያለውን ውል፣ ተቃራኒ ትእዛዝ ካልደረሰው፣ ራሱ ይፈጽመዋል። አክሲዮኑ 50.05 ላይ ያበቃበት የኮላችን ባለቤት በቀጣዩ የገበያ ቀን ጠዋት 5,000 ዶላር የሚከፈልባቸው 100 አክሲዮኖች በስሙ ተመዝግበው ሊያገኝ ይችላል፤ ገንዘቡ በሒሳቡ ከሌለ ደላላው አስቀድሞ ውሉን ሊሸጥበት ወይም አክሲዮኖቹን በዕለቱ ዋጋ ሊያስለቅቀው ይችላል።