ግልጽ ነው፣ ግን አይሟገትም፦ መካከለኛ ውጤት የሚያሰጥ መሪ ሐሳብ

ከ20 12 ያገኘ ድርሰት 6 ካገኘውም 18 ካገኘውም ይልቅ ውጤቱን ለማስረዳት ያስቸግራል። የደካማው ድርሰት ጉድለት ከሩቅ ይታያል፤ ጎበዝ ተማሪም ለምን ጥሩ ነጥብ እንዳገኘ አይጠይቅም። መካከለኛው ግን ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ አንቀጾቹ የተለዩ፣ ከርእሱም ያልወጣ ነው። ስለዚህ መምህሩ ከኅዳጉ ላይ «መሪ ሐሳቡ ግልጽ አይደለም» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ይህ ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ ልክ አይደለም። የመካከለኛ ድርሰት መሪ ሐሳብ በአብዛኛው ግልጽ ነው፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ለማሳያ የሚከተለውን ጥያቄ እንውሰድ፤ ጥያቄውም መልሱም ለዚህ መጣጥፍ የተዘጋጁ ናቸው። «በሀብሩ ወረዳ በመስኖ የሚለማው መሬት ከእህል ወደ ፍራፍሬ መዞር አለበት? መዝናችሁ አቋማችሁን አስረዱ።» ለወልድያ ወይም ለመርሳ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም፤ ማሽላውንና ጤፉን፣ ማንጎውንና ብርቱካኑን ያውቃቸዋል። ተማሪው መግቢያውን እንዲህ ሲል ይቋጫል፦ «በሀብሩ ወረዳ ፍራፍሬ ማልማት ለአርሶ አደሩ ብዙ ጥቅሞችና አንዳንድ ችግሮች አሉት።»

ዓረፍተ ነገሩ ዝቅተኛ ነጥብ አይገባውም። ከርእሱ አልወጣም፣ እውነት ነው፣ ሐተታው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድም ይጠቁማል፦ መጀመሪያ ጥቅም፣ ከዚያ ችግር። ከፍተኛ ነጥብ የማያሰጠው ግን ሐሳቡን የሚቃወም ሰው ስለሌለ ነው። ፍራፍሬ ይተከል የሚለውም አይተከል የሚለውም አርሶ አደር ያለ ጭቅጭቅ ይቀበለዋል። ጥያቄው «መዞር አለበት?» ሲል አዎ ወይም አይደለም፣ ካልሆነም «በዚህ ሁኔታ አዎ» የሚል መልስ ይጠብቃል። ተማሪው ግን ጥያቄው የተነሣበትን ምክንያት መልሶ ነገረን፤ ጥቅምና ችግር ባይኖረው ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። «ፍራፍሬ ማልማት» የሚለውን አውጥተን «ንብ ማነብ» ወይም «ከብት ማድለብ» ብንተካበት ዓረፍተ ነገሩ ሳይናጋ ይቆማል። ለሁሉም የሚሆን መሪ ሐሳብ ስለዚህኛው ጉዳይ አንዳች አልተናገረም ማለት ነው።

ጉዳቱ በመግቢያው ብቻ አይወሰንም። መስፈርቱ ለመሪ ሐሳብ፣ ለማስረጃ፣ ለሐሳብ ፍሰትና ለቋንቋ አምስት አምስት ነጥብ ይሰጣል እንበል። ቋንቋው 4 ያገኛል። ማስረጃው 3 ነው፤ ተማሪው የፍራፍሬ ዋጋን፣ የውኃ እጥረትንና የተባይ ጉዳትን ጠቅሷል፣ ነገር ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ አልመዘነም፤ መመዘኛ የሚሆነው አቋም የለውምና። የሐሳብ ፍሰቱም 3 ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንቀጽ ቦታ ብናለዋውጣቸው ምንም አይጎድልም፤ አንዱ በሌላው ላይ አልተገነባም። መሪ ሐሳቡ 2 ያገኛል። ድምሩ 12 ነው። መምህሩ እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው አንዱን ጉድለት በየመስፈርቱ በጅምላ እንዳይቀጣበት ነው፤ ነጥብ መቀነስ ያለበት በዚያ ቦታ የሚታይ ጉድለት ሲያገኝ ብቻ ነው።

«ግልጽ አይደለም» የተባለ ተማሪ ምን ያደርጋል? ቃላት ይጨምራል። «ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና አካባቢያዊ ጥቅሞች አሉት» ብሎ በሦስት ይከፋፍለዋል፤ እንደገናም 12 ያገኛል። ዝርዝሩ ረዘመ እንጂ ተቃዋሚ አላገኘም። ደፋሩ ደግሞ «የሀብሩ አርሶ አደር ሁሉ እህል ትቶ ፍራፍሬ መትከል አለበት» ይላል። ይህ አቋም ነው፣ ነገር ግን «ሁሉ» የሚለውን በአራት አንቀጽ ማስረጃ መሸከም አይችልም። በእኔ ግምት ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢያንስ መምህሩ የት ላይ እንደሚሞግተው ያውቃል።

ይህ ደግሞ ከፍ ያለ ነጥብ የሚያሰጥ ነው፦ «በመስኖ ከሚለማው የሀብሩ መሬት ወደ ፍራፍሬ መዞር ያለበት በመርሳ ዙሪያ ያለው ነው፤ ማንጎና ብርቱካን ከተለቀሙ በኋላ ስለሚበላሹ፣ ከደሴ ወልድያ ከሚወስደው መንገድ የራቀ አርሶ አደር ገበያ ሳይደርስ ሊከስር ይችላልና።» ቦታው ተወስኗል፣ ምክንያቱ ተነግሯል፣ ተቃዋሚም አለው። አንዱ ተነሥቶ «መንገድ ዳር ያለውም ቢሆን ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ በሚያልፉት ዓመታት ቤተሰቡን በምን ይመግባል?» ሊል ይችላል። ተማሪው ለዚህ መልስ ለመስጠት ሲል ብቻ አንድ አንቀጽ ያስፈልገዋል፤ ያ አንቀጽም ስለ ገበያው ከተነገረ በኋላ እንጂ በፊት ሊመጣ አይችልም። ቅደም ተከተሉን አሁን የሚወስነው ሙግቱ ነው።

ስለዚህ ከኅዳጉ የሚሰፍረው ማስታወሻ «ይህን የማይቀበል ማን ነው? እሱ ምን ይልሃል?» ቢሆን ተማሪው የሚያርመውን ያገኛል።

ነጥብ ከመቀነስ በፊት ግን ጥያቄው መታየት አለበት። ብዙ የፈተና ጥያቄ «የፍራፍሬ ልማት ጥቅምና ጉዳትን ግለጹ» ይላል። እንዲህ ላለው ገላጭ ድርሰት «ብዙ ጥቅሞችና አንዳንድ ችግሮች አሉት» ማለት የታዘዘውን መፈጸም ነው፤ አቋም አልያዝክም ብሎ 2 መስጠት የመምህሩን ጉድለት በተማሪው ውጤት ላይ መጻፍ ይሆናል።