የኢንተርኔት ፍጥነት ፍተሻን ማንበብ፦ ሜጋቢት፣ ሜጋባይትና የካርቱም ዋይፋይ

የፍጥነት ፍተሻ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከአንድ ሰርቨር ጋር ለጥቂት ሴኮንዶች መረጃ እየተለዋወጠ መስመሩ በሴኮንድ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካበት ዘዴ ነው። ከታወቁት መለኪያዎች መካከል ኡክላ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው Speedtest እና ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈተው Fast.com ይገኛሉ። ሁለቱም ውጤቱን በትልልቅ ቁጥሮች ያሳያሉ። ቁጥሩ በምን እንደተለካ፣ ወደ የት እንደተለካና በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ግን አንባቢው ራሱ መለየት አለበት። ሳይለይ ከቀረ ፈጣን ነው የተባለ መስመር ለምን ቪዲዮ መላክ እንዳቃተው አይገባውም።

ይህን ነገር በግልጽ ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዷ ካርቱም ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ከፈነዳ በኋላ የስልክ ኔትወርኩ በተደጋጋሚ ተቋርጧል። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ደግሞ ሱዳኒ፣ ኤምቲኤን እና ዜን በቀናት ልዩነት ከአገልግሎት ውጭ ሆኑና አብዛኛው ሱዳን ጨለመ። ሰዉ ወደ ስታርሊንክ የሳተላይት መቀበያ ዞረ። አንድ ሰው መቀበያውን ይተክላል፣ ሌሎች ዋይፋዩን በሰዓት እየከፈሉ ይጠቀማሉ። እንደ ዴም ባሉ ኢትዮጵያውያን በብዛት በኖሩባቸው ሰፈሮች የቀረ ሰው ደህና መሆኑን ለቤተሰቡ የሚያሳውቀው በዋትሳፕ ወይም በኢሞ ነው። ስለዚህ መስመሩ ምን ያህል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ለከፈለበት ሰዓት ዋጋ አለው።

አንድ ሰው ካርቱም ሆኖ ጎንደር ላሉ ቤተሰቦቹ 120 ሜጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ ሊልክ ነው እንበል። የዋይፋዩ ባለቤት ፍተሻ ሠርቶ ስክሪኑን ያሳየዋል፦ Download 96 Mbps፣ Upload 8 Mbps፣ Ping 70 ms።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ፊደሉ ነው። በ Mbps ውስጥ ያለው ትንሹ b ቢትን ያመለክታል፤ በ MB/s ውስጥ ያለው ትልቁ B ደግሞ ባይትን። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የቴሌኮም ኩባንያዎች፣ የፍተሻ መተግበሪያዎችና የጥቅል ማስታወቂያዎች ፍጥነትን በሜጋቢት ይናገራሉ። የፋይል መጠን፣ የስልክ ማህደረ ትውስታና ብሮውዘር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ፍጥነት ግን በባይት ነው። ስለዚህ 96 Mbps ማለት በሴኮንድ 96 ሜጋባይት ማለት አይደለም፤ ለ8 ሲካፈል በሴኮንድ 12 ሜጋባይት ይሆናል። በተገላቢጦሹ፣ ብሮውዘሩ 850 KB/s ሲያሳይ ያየ ሰው መስመሩ ሞቷል ብሎ እንዳይደመድም በ8 ያባዛው፤ ወደ 6.8 ሜጋቢት ይመጣል።

በተግባር ከዚህም ትንሽ ይጎድላል። እያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚገልጽ አድራሻ ይሸከማል፣ እሱም ከመስመሩ ጥቂት በመቶ ይወስዳል። ዊንዶውስ ደግሞ ሜጋባይትን በ1,000,000 ሳይሆን በ1,048,576 ባይት ይቆጥራል። ለዚህ ነው 8 ሜጋቢት በሚያልፍበት መስመር ላይ ኮምፒውተሩ 1 ሜጋባይት ሳይሆን 0.9 አካባቢ የሚያሳየው። ይህ ልዩነት የብልሽት ምልክት አይደለም። ለፈጣን ግምት ለ8 ማካፈል ይበቃል፤ ጥንቃቄ የሚፈልግ ለ9 ያካፍል።

ሁለተኛው ጉዳይ አቅጣጫው ነው። በካርቱሙ ምሳሌ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ቪዲዮውን የሚልክ እንጂ የሚያወርድ አይደለም፤ የሚመለከተው ቁጥር 96 ሳይሆን 8 ነው። 8 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል በሴኮንድ 1 ሜጋባይት፤ 120 ሜጋባይቱ ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ያው መጠን በዚሁ መስመር በ96 ሜጋቢት ቢወርድ ኖሮ 10 ሴኮንድ ይበቃው ነበር። ዋትሳፕ ቪዲዮን እንደ ተራ ቪዲዮ ሲልክ ስለሚያሳንሰው ጊዜው ያጥራል፤ እንደ ዶክመንት ሲላክ ግን ሙሉ መጠኑ ነው የሚሄደው።

ይህ ሁሉ መስመሩ ለእሱ ብቻ ሲሆን ነው። መቀበያው ሥር ስልካቸውን ይዘው ከተቀመጡት መካከል አሥር ሰዎች በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢልኩና መስመሩ እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 0.8 ሜጋቢት፣ ማለትም በሴኮንድ 0.1 ሜጋባይት ይደርሰዋል። ሁለት ደቂቃው 20 ደቂቃ ሆነ። ባለቤቱ ያሳየው ውጤት ሐሰት አልነበረም፤ የለካው ግን ደንበኞች ባልነበሩበት ሰዓት ከሆነ የደንበኛውን ድርሻ አይናገርም። ሊከፍል የመጣ ሰው ሰዉ በተሰበሰበበት ሰዓት በራሱ ስልክ ፈትሾ የ Upload ቁጥሩን ቢያይ ይሻለዋል።

ድምፅ የሚቆራረጥበት ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመልከት። የድምፅ ጥሪ ብዙ ሜጋቢት አይፈልግም፤ በሴኮንድ 0.1 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃዋል። የሚያስቸግረው መዘግየት ነው፤ እሱም በ Ping ሥር በሚሊሴኮንድ ይጻፋል። 70 ሚሊሴኮንድ ለጥሪ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ መስመሩ ሥራ ፈት ሲሆን የተለካ ነው። አሥሩ ሰዎች ቪዲዮ ሲጭኑ የሚላከው መረጃ ራውተሩ ውስጥ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ የጥሪው ድምፅም ከሰልፉ ኋላ ይቆማል። አዳዲሶቹ የ Speedtest ስሪቶች በማውረድና በመጫን ጊዜ ያለውን መዘግየት ለየብቻ ያሳያሉ። ባዶው 70 ሆኖ በመጫን ጊዜ ያለው ወደ 800 ከዘለለ፣ 96 ሜጋቢቱ እያለም «አይሰማም፣ አይሰማም» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚረዳው ጫኞቹን ማስቆም እንጂ የበለጠ ፈጣን ጥቅል መግዛት አይደለም።

ፍተሻው ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደተደረገም ውጤቱ ሥር ተጽፏል። Speedtest በራሱ ሲመርጥ ፈጥኖ የሚመልስለትን ሰርቨር ይይዛል። በመሬት ኔትወርክ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ እዚያው ከተማ ያለ ሰርቨር ነው፤ ጥሩ ውጤት ቢያሳይ ከስልኩ እስከ ካርቱም ያለው መንገድ ደህና መሆኑን ብቻ ያስረዳል። ከዚያ ወዲያ መረጃው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በፋይበር ተጉዞ ፖርት ሱዳን ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ ቀይ ባሕር ገመድ ይገባል። መጨናነቁ እዚያ ከሆነ የካርቱሙ ፍተሻ አያየውም። በስታርሊንክ ደግሞ ሳተላይቱ መረጃውን የሚያወርደው ሌላ አገር ባለ የምድር ጣቢያ ከሆነ፣ የሰርቨሩ ስም የውጭ ከተማ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም። ጥርጣሬ ካለ ሰርቨሩን በእጅ ለውጦ ሩቅ ከተማ መምረጥና ሁለቱን ውጤቶች ማወዳደር ይቻላል። ቅርቡ ፈጣን ሩቁ ዘገምተኛ ከሆነ ችግሩ ከቤቱ ዋይፋይ ውጭ ነው። ሁለቱም ደካማ ከሆኑ ወደ ራውተሩ ተጠግቶ እንደገና መሞከር ይቀድማል፤ ግድግዳና ርቀት የዋይፋይን ጉልበት ይቀንሳሉና።

በጊጋባይት ለሚከፍል ሰው ፍተሻው ራሱ ወጪ አለው። መለኪያው መስመሩን ሞልቶ ስለሚሠራ፣ 96 ሜጋቢት በሆነ መስመር ላይ ለ15 ሴኮንድ ሲያወርድ 12 በ15 ተባዝቶ 180 ሜጋባይት ይበላል። የስልክ ዳታ የሚጠቀም ሰው ደጋግሞ ከመፈተሽ ይልቅ መጠኑ የሚታወቅ ትንሽ ፋይል ልኮ ሴኮንዱን ቢቆጥር ይሻላል፦ 5 ሜጋባይት ፎቶ በ20 ሴኮንድ ከሄደ በሴኮንድ 0.25 ሜጋባይት፣ ማለትም 2 ሜጋቢት ነው።