ለሳይረን መንገድ መልቀቅ

አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪና ወይም የፖሊስ መኪና ሳይረን እያሰማ ሲመጣ ሌሎች አሽከርካሪዎች ቅድሚያ የሚሰጡበት አሠራር። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ መንገድ የሚለቀቀውም ፍሬቻ አሳይቶ ቀኝ ጠርዝ በመያዝና በመቆም ነው።

ከጋሞ ደጋ፣ ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ግን ባሉበት መቆም ሁልጊዜ አይበጅም። ኩርባ ላይ የቆመ አይሱዙ አምቡላንሱን ከፊት የሚመጣው ወደማይታይበት መስመር ያስወጣዋል። ፍሬቻ አሳይቶ፣ ሰፋ ያለ ቦታ እስኪገኝ መንዳት፣ እዚያ ዳር መያዝ ይሻላል።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ያልገባ ተሽከርካሪ አረንጓዴ ቢበራለትም ይቆማል፤ የገባው መሃል ላይ ሳይገተር አልፎ ዳር ይይዛል። በሰልፍ ውስጥ ከፊት ካለው መኪና ጋር መጣበቅ ጎማ ለማዞር እንኳ ቦታ ያሳጣል። ባጃጆች በየክፍተቱ ሲሽሎከለኩ ደግሞ የተከፈተው መተላለፊያ መልሶ ይዘጋል። ክላክስ ማስጮህ የሳይረኑን አቅጣጫ ከማደናገር በቀር አይረዳም።

አምቡላንሱ ካለፈ በኋላ ተከትሎት መክነፍ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ከመንቀሳቀስ በፊት ስፖኪዮ ይታያል፤ ሁለተኛ ተሽከርካሪ ሊከተል ይችላል።