ባዮም፦ የሕይወት ቀጠና

የመልክዓ ምድር መጻሕፍት «ባዮም» የሚሉትን ቃል በአማርኛ «የሕይወት ቀጠና» ብንለው ይስማማዋል። ቃሉን አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ክሌመንትስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ተመሳሳይ የአየር ንብረት ባለው ሰፊ ምድር ላይ አብረው የሚኖሩትን ዕፅዋትና እንስሳት በአንድ ስም ይጠራል። ዝርያዎቹ ግን አንድ መሆን የለባቸውም። የአማዞን ዛፎችና የኮንጎ ዛፎች በዝርያ ይለያያሉ፤ የሚኖሩበት ሙቀትና ዝናብ፣ ከዚያም የተነሣ አበቃቀላቸው ስለሚመሳሰል ግን ሁለቱ ደኖች የአንድ የሕይወት ቀጠና ናቸው።

ከቀጠናዎቹ ሦስቱን፣ ሐሩራማውን የዝናብ ደን፣ ሳቫናንና የመካከለኛውን የአየር ንብረት ሣር ምድር፣ ጎን ለጎን ማየት የሚጠቅመው አንድ ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው፦ ዛፍ እዚህ ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል እዚያ ለሣር ቦታ የለቀቀው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «ዝናብ» ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው።

በብራዚል ማናውስ ከተማ ዙሪያ ያለውን የአማዞን ደን እንይ። በዓመት ከ2000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አማካይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም። ዝናብ የሚያንስባቸው ወራት ቢኖሩም ዛፎቹን ቅጠል አልባ አያደርጉም። ስለዚህ ዛፎቹ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው፤ ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ቅርንጫፎቻቸውን ያገናኛሉ፤ የፀሐይ ብርሃን ወደ መሬት የሚደርሰው በጣም በጥቂቱ ነው። ብርሃን በሌለበት ሣር አይበቅልም፤ ሣር በሌለበት ደግሞ የሣር በል መንጋ አይኖርም። የእንስሳቱ ኑሮ ወደ ላይ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጦጣዎች፣ በቀቀኖች፣ በዝግታው የታወቀው ስሎዝ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነፍሳት ሁሉ ምግባቸውን የሚያገኙት ዛፍ ላይ ነው። የዝርያው ዓይነት እጅግ ብዙ ሆኖ የእያንዳንዱ ዝርያ ቁጥር ግን በአንድ ቦታ አነስተኛ ነው።

ከዚህ ደን ሥር ያለው አፈር ለም ይመስላል፤ አይደለም። የወደቀው ቅጠል በሙቀቱና በእርጥበቱ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሥሮችም ንጥረ ነገሩን ከላይኛው ስስ ሽፋን ወዲያው ይመጥጡታል፤ የተረፈውን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። የቀጠናው ሀብት የተቀመጠው በቆሙት ዛፎች ውስጥ ነው። ደኑን መንጥሮ ያቃጠለ ገበሬ ከአመዱ የተነሣ ጥቂት ዓመት ያመርታል፤ ከዚያ ምርቱ ይወድቃል።

ወደ ታንዛኒያው ሰረንጌቲ ሳቫና ስንሻገር ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው የዝናቡ ሥርጭት ነው። በደቡብ ምሥራቅ በዓመት 500 ሚሊሜትር ገደማ፣ በሰሜን ምዕራብ ከ1000 በላይ ይዘንባል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን ምድሩ ይደርቃል። ሣሩ በክረምቱ አድጎ በበጋው ይደርቅና ለእሳት ይመቻል። የሣር ማደጊያ እንቡጥ ከመሬት ጋር የተጠጋ ስለሆነ እሳት ቢያልፍበትም፣ መንጋ ቢግጠውም መልሶ ያቆጠቁጣል። የግራር ችግኝ ግን ከነበልባሉ ቁመት በላይ ሳያድግ እሳት ከደረሰበት እንደገና ከሥሩ መጀመር አለበት። በዓመት ከ1000 እስከ 2000 ሚሊሜትር በሚዘንብባቸው የሐሩር አገሮች በአንዱ ቦታ ደን፣ በሌላው ሳቫና የምናገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ከምንም በላይ ያሳየው አንድ በሽታ ነው፤ ታሪኩም ከእኛ አገር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ፤ የእርሻ በሬ ጠፍቶ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ከተከሰተባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ። በሽታው በዚያ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን ከብት ጨረሰ፣ የዱሩን ጎሽና ዊልደቢስት የሚባለውን ሣር በል እንስሳም አጠቃ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰረንጌቲ ዊልደቢስት ቁጥር 250 ሺህ አካባቢ ነበር።

በአካባቢው ያሉ የቤት ከብቶች ክትባት ሲያገኙ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። ዊልደቢስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ያ ሁሉ መንጋ ሣሩን ስለጋጠው የሚቃጠል ደረቅ ሣር ቀነሰ፤ እሳቱም በእጅጉ አነሰ፤ ከዓመታት በኋላ ዛፎች በብዙ ስፍራ መብዛት ጀመሩ። ዛፎቹን ያበዛው የዝናብ መጨመር አልነበረም፤ ክትባት የተሰጠውም ለከብት እንጂ ለዛፍ አልነበረም። ስለ ሳቫና ከሚነገረው ሁሉ ይህን ሰንሰለት የሚያህል አስተማሪ ነገር አላውቅም።

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ያለው ኮንዛ ፕሬሪ የሦስተኛው ቀጠና፣ ማለትም የሣር ምድሩ፣ ናሙና ነው። የዓመቱ ዝናብ 835 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህም በሰረንጌቲ ሁለት ጫፎች መካከል የሚውል ነው። የሚለየው ቅዝቃዜው ነው፦ በሐምሌ አማካይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሣሩ ከላይ ይሞታል፣ ሥሩ ግን ከሁለት ሜትር በላይ ጠልቆ የብርዱን ወቅት ያልፋል። የሞተው ሥር በቅዝቃዜው ምክንያት ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ለዘመናት ተከማችቶ ጥልቅ ጥቁር አፈር ሆኗል፤ ከአማዞን በተቃራኒ፣ እዚህ ሀብቱ ያለው ከመሬት በታች ነው። ረጃጅም ሣር ያለበት የአሜሪካ ሜዳ አብዛኛው ለበቆሎና ለአኩሪ አተር የታረሰው በዚሁ ለምነቱ ነው። ኮንዛ ያለበት ኮረብታማ ምድር የተረፈው ድንጋዩ ለማረሻ ስላስቸገረ ነው።

በኮንዛ ተመራማሪዎች አንዱን ተፋሰስ በየዓመቱ፣ ሌላውን በየአራት ዓመቱ፣ ሌላውን በየ20 ዓመቱ ያቃጥላሉ። እሳት የራቀበት ሜዳ ቀስ በቀስ በቁጥቋጦና በጥድ መሰል ዛፍ ይወረራል። እዚህም እሳትና ግጦሽ የዝናቡን ያህል ይወስናሉ ማለት ነው። ዋናው ሣር በል ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ ነው። ዛፍ ስለሌለ የሚሸሸግ ትንሽ እንስሳ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ ከአዳኝም ከብርድም ያድነዋል።

ሣር ያለበት ቀዝቃዛ ምድር ሁሉ ግን የዚህ ቀጠና አይደለም። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ያለ፣ ሌሊቱ የሚበርድ፣ በሣር የተሸፈነ ምድር ነው። ከኮንዛ ጋር የሚያመሳስለው መልኩ ብቻ ነው። ለመለየት የዓመቱን ሞቃት ወርና ቀዝቃዛ ወር አማካይ ሙቀት ማነጻጸር ይበቃል፦ በካንሳስ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በጓሳ ጥቂት ዲግሪ ነው፤ እዚያ ትልቁ ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ነው። ብርዱ የከፍታው እንጂ የወቅቱ አይደለም። ስለዚህ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ጓሳ በሐሩር ተራሮች የሕይወት ቀጠና ይመደባል። የከፋና የሸካ ደኖችም በዝናብ ብዛት ከአማዞን ጋር ቢቀራረቡም በከፍታቸው ምክንያት የተራራ ደን ይባላሉ። ነጭ ጆሮ ያላቸው የቆርኬ ዘመዶች መንጋ ከደቡብ ሱዳን እየተሻገረ የሚግጥበት የጋምቤላ ቆላ ግን በቀጥታ ሳቫና ነው።